የአንዲት ግሉኮስ ጉዞ ከሻይ ብርጭቆ እስከ ሚቶኮንድሪያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ባዮሎጂ ሳስጠና ግላይኮሊሲስን በታሪክ መልክ እተርካለሁ። ታሪኩ አጭር ነው። አንዲት የግሉኮስ ሞለኪውል ከሻይ ብርጭቆ ተነሥታ ጭን ጡንቻ ውስጥ እስክትገባ፣ እዚያም ተከፍላ ካርቦኖቿ በሚቶኮንድሪያ በኩል በትንፋሽ እስኪወጡ ድረስ ይከተላታል። ተርኬ ስጨርስ የሚነሡት ጥያቄዎች በየዓመቱ ስለሚመሳሰሉ ታሪኩንም ጥያቄዎቹንም እዚህ አንድ ላይ አስቀምጫለሁ።

ታሪኩ ምን ይላል?

አንዲት ተማሪ ጠዋት ሻይ ቤት ገብታ ስኳር የበዛበት ሻይ ትጠጣለች። ከዚያም ከጓደኞቿ ጋር የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወዳለበት ወደ ጅሬን የሚወስደውን አቀበት ትያያዘዋለች። ሻይዋ ውስጥ ከሟሟው ስኳር አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ ብንወስድ አራት ግራም ገደማ ይመዝናል። በውስጡ 7 ጽፈን 21 ዜሮ ብንደረድርለት የምናገኘውን ያህል የሱክሮስ ሞለኪውል አለ። እያንዳንዱ ሱክሮስ አንድ ግሉኮስና አንድ ፍሩክቶስ ተጣምረው የሠሩት ነው። ከእነዚህ ሁሉ አንዷን ግሉኮስ እንምረጥ። ስድስት ካርቦኖች አሏት፤ ከ1 እስከ 6 ቁጥር እንስጣቸው። ቁጥሮቹን እስከ መጨረሻው እንይዛቸዋለን።

በቀጭኑ አንጀት ግድግዳ ላይ ሱክሬዝ የተባለ ኢንዛይም ግሉኮሷን ከፍሩክቶስ ይለያታል። ከሶዲየም ጋር ተጓዳኝ ሆና ወደ አንጀት ሕዋስ ትገባለች፤ በሌላው ጎን ወጥታ ከደም ጋር ትቀላቀላለች። ይህ ደም መጀመሪያ የሚያልፈው በጉበት ውስጥ ነው። ጉበት ከመጣው ግሉኮስ ድርሻውን ያስቀራል፤ የእኛዋ ግን ታልፈዋለች፤ በልብ በኩል ዞራም አቀበቱን እየወጣ ያለው የጭን ጡንቻ ጋ ትደርሳለች።

ጡንቻው እየተኮማተረ ስለሆነ፣ ሻይዋም ኢንሱሊን ስላስነሣ፣ ግሉት 4 የተባሉት የግሉኮስ በሮች ከሕዋሱ ውስጥ ወደ ሽፋኑ ወጥተው ይጠብቃሉ። በአንዱ ትገባለች። እንደገባች ሄክሶካይኔዝ የተባለው ኢንዛይም ከኤቲፒ ላይ አንድ ፎስፌት ወስዶ ካርቦን 6 ላይ ያስርባታል። ፎስፌቱ አሉታዊ ቻርጅ ስላለው በገባችበት በር ተመልሳ መውጣት አትችልም። ጡንቻ ደግሞ ይህን ፎስፌት ፈትቶ የሚያስወጣት ኢንዛይም የለውም። ስለዚህ ከዚህች ቅጽበት ጀምሮ የዚያ ሕዋስ ንብረት ናት።

ቅርጿ ጥቂት ይስተካከልና ሁለተኛ ፎስፌት ካርቦን 1 ላይ ይታሰርባታል፤ ለዚህም ሌላ ኤቲፒ ይከፈላል። ሁለቱም ጫፎቿ ፎስፌት ከያዙ በኋላ አልዶሌዝ የተባለው ኢንዛይም በካርቦን 3 እና በካርቦን 4 መካከል ይቆርጣታል። ከዚህ በኋላ ግሉኮስ የለችም። በእሷ ፋንታ ባለ ሦስት ካርቦን ሁለት ቁራጮች አሉ፤ አንዱ 1፣ 2፣ 3ን፣ ሌላው 4፣ 5፣ 6ን ይዟል። የመጀመሪያው ቁራጭ ቅርጹን ቀይሮ እንደ ሁለተኛው ይሆናል፤ ቀሪውንም መንገድ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ያልፉታል። ኤንኤዲ የተባለው ተሸካሚ ከእያንዳንዳቸው ኤሌክትሮን ወስዶ ኤንኤዲኤች ይሆናል። እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ኤቲፒ ይሰጣሉ። መጨረሻ ላይ ሁለት ፒሩቬት ይቀራሉ።

ፒሩቬቶቹ የሚቶኮንድሪያውን የውጭ ሽፋን በሰፋፊ ቀዳዳዎች፣ የውስጡን ሽፋን ደግሞ ለፒሩቬት በተለየ አጓጓዥ ፕሮቲን ያልፋሉ። ውስጥ ፒሩቬት ዲሃይድሮጂኔዝ የተባለ ግዙፍ የኢንዛይሞች ስብስብ ይቀበላቸዋል። ከእያንዳንዱ ፒሩቬት ጫፍ አንድ ካርቦን ቆርጦ በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ ይለቃል። እነዚህ ሁለት ካርቦኖች ቁጥር 3 እና ቁጥር 4 ናቸው። ግሉኮሷ መሃል ላይ ስትቆረጥ ጎን ለጎን የነበሩት ሁለቱ ጎረቤታሞች ከሁሉ ቀድመው ይወጣሉ።

ቀሪዎቹ አራቱ ካርቦኖች ሁለት ሁለት ሆነው፣ ኤሴታይል ኮኤ ተብለው ወደ ክሬብስ ዑደት ይገባሉ። ቁጥር 2 እና 5 በዑደቱ ሁለተኛ ዙር ይወጣሉ፤ ቁጥር 1 እና 6 ግን ቢያንስ እስከ ሦስተኛው ዙር ይቆያሉ። ተማሪዋ ኮረብታው ላይ ደርሳ በረጅሙ ስትተነፍስ ከሚወጣው አየር ውስጥ የእኛዋ ግሉኮስ ካርቦኖች አሉበት።

ታዲያ ግሉኮስ ራሷ ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ትገባለች ማለት ነው?

አትገባም። ታሪኩን በቁጥር የምተርከው በዋናነት ለዚህ ጥያቄ ስል ነው። በፈተና ወረቀት ላይ «ግሉኮስ ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ገብታ ትቃጠላለች» የሚል መልስ ደጋግሞ ይመጣል፤ ስሕተት ነው። ግላይኮሊሲስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚካሄደው ከሚቶኮንድሪያ ውጭ፣ በሕዋሱ ፈሳሽ ክፍል ውስጥ ነው። ወደ ሚቶኮንድሪያ የሚገባው ፒሩቬት ነው። በክሬብስ ዑደት የሚዞረው ደግሞ ፒሩቬትም አይደለም፤ አንድ ካርቦን የተቆረጠለት ኤሴታይል ነው።

ልዩነቱ ለፈተና ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ፒሩቬት ላይ እስካለን ድረስ መመለሻ አለ፤ ጉበት ከፒሩቬት እንደገና ግሉኮስ መሥራት ይችላል። ካርቦን 3 እና 4 ከወጡ በኋላ ግን በሰው አካል ውስጥ ከኤሴታይል ኮኤ ተነሥቶ ግሉኮስ ማትረፍ አይቻልም። ስለዚህ ፒሩቬት ዲሃይድሮጂኔዝን ስታጠኑ በሁለት ትልልቅ ርእሶች መካከል የተሸጎጠ ትንሽ እርምጃ አድርጋችሁ አትለፉት። የማይመለሰው ደፍ እሱ ነው።

ኤቲፒ ለማግኘት ለምን መጀመሪያ ኤቲፒ እናጠፋለን?

ገበሬ ካዝመራው የሚያገኘው ከጎተራው ለዘር ያወጣውን በትኖ ነው፤ እዚህም ሁለት ኤቲፒ ይዘራል፣ አራት ይታጨዳል፣ ትርፉ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ኤቲፒ ግሉኮሷን ሕዋሱ ውስጥ ያስራታል። ሁለተኛው ደግሞ ስትቆረጥ ሁለቱም ቁራጮች ፎስፌት ይዘው እንዲቀሩ ያደርጋል። አንዱ ቁራጭ ያለ ፎስፌት ቢቀር ኖሮ ከሕዋሱ ሊያመልጥ ይችል ነበር፤ ወደ ኤቲፒ የሚያደርሰውንም መንገድ በዚያው መልክ ሊከተል አይችልም ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ከዘሩት ሁለት ፎስፌቶች በተጨማሪ ሁለቱ ቁራጮች ኤሌክትሮን ሲሰጡ ሌላ ሁለት ፎስፌት ይቀበላሉ። እነዚህ ግን ከኤቲፒ የመጡ አይደሉም፤ በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ በነጻ ከሚገኘው ፎስፌት የተወሰዱ ናቸው። አራቱ ፎስፌቶች አራቱን ኤቲፒ የሚሰጡት በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ተማሪ «አራቱ ከየት መጡ?» ብሎ የሚደናገረው ይህችን ደረጃ ስለሚዘልላት ነው።

አሥሩንም የግላይኮሊሲስ ደረጃዎች በቃል መያዝ አለብኝ?

መምህራችሁ ከጠየቀ አዎ። ለመረዳት ግን ሦስቱን አጥብቃችሁ ያዙ፤ የመጀመሪያውን፣ ሦስተኛውንና አሥረኛውን። በሕዋስ ውስጥ ወደ ኋላ የማይመለሱት እነዚህ ብቻ ናቸው። ከሦስቱም ወሳኙ ሦስተኛው ነው፤ ኢንዛይሙ ፎስፎፍራክቶካይኔዝ ይባላል።

ተማሪዋ ሻይ ቤት ተቀምጣ ሳለ የጭን ጡንቻዋ ኤቲፒ ሞልቶት ነበር። ይህ ኢንዛይም ከሥራ ቦታው ሌላ ኤቲፒ የሚያርፍበት ሁለተኛ ቦታ አለው፤ ኤቲፒ ሲበዛ እዚያ ያርፍና ኢንዛይሙን ያደክመዋል። አቀበቱ ሲጀመር ጡንቻው ኤቲፒ ያጠፋል፤ ኤኤምፒ የተባለው የኤቲፒ ትራፊ ይጨምራል። ኤኤምፒ ደግሞ ኢንዛይሙን ያነቃዋል። ስለዚህ ግሉኮስ መቼ እንደምትቆረጥ የሚወስነው የግሉኮስ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ሕዋሱ ያለበት የኤቲፒ ችግር ነው። ሚቶኮንድሪያም ከራሱ በኩል መልእክት ይልካል፤ ክሬብስ ዑደት ሲጨናነቅ በዑደቱ መጀመሪያ የሚሠራው ሲትሬት ወደ ውጭ ወጥቶ ይህንኑ ኢንዛይም ይገታል።

በክሬብስ ዑደት የመጀመሪያ ዙር ሁለት ካርቦን ይገባሉ፣ ሁለት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። የገቡት ናቸው የወጡት አይደል?

ስሌቱ ትክክል ነው፤ ማንነታቸው ግን አይደለም። በዚህ ጥያቄ ላይ ጊዜ ብናጠፋ ይገባል፤ ዑደት የሚለውን ነገር በትክክል የሚያሳየው ይህ ነውና።

ከካርቦን 1 እና 2 የተሠራውን ኤሴታይል እንያዝ። ባለ አራት ካርቦን የሆነው ኦክሳሎአሴቴት ይቀበለውና ባለ ስድስት ካርቦን ሲትሬት ይሆናሉ። ቀጥሎ ሁለት ካርቦኖች ተራ በተራ በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ ይቆረጣሉ። ኢንዛይሞቹ ግን ሞለኪውሉን የሚይዙት በተወሰነ አቅጣጫ ነው፤ የሚቆርጡትም በኦክሳሎአሴቴት በኩል የመጡትን ካርቦኖች ነው። የእኛ 1 እና 2 በዚህ ዙር አይነኩም። የሚወጣው ሌላ ምግብ ቀደም ሲል ያስገባው ካርቦን ነው።

ከዚያ ሱክሲኔት ላይ እንደርሳለን። ሱክሲኔት አራት ካርቦን ያለው ሆኖ ሁለቱ ግማሾቹ ፍጹም ተመሳሳይ ናቸው። ስለዚህ ቀጣዩ ኢንዛይም የትኛው ግማሽ አዲሱ እንደሆነ መለየት አይችልም። ዙሩ ሲያልቅ ካርቦን 2 ከአዲሱ ኦክሳሎአሴቴት ሁለት ጫፎች በአንዱ፣ ካርቦን 1 ደግሞ ከጎኑ ካሉት ሁለት የመሃል ቦታዎች በአንዱ ላይ ይገኛል።

በሁለተኛው ዙር የሚቆረጡት የኦክሳሎአሴቴት ሁለት ጫፎች ናቸው። ካርቦን 2 የትኛውም ጫፍ ላይ ቢሆን ይወጣል። ካርቦን 1 መሃል ላይ ስለሆነ ይተርፋል። ሆኖም እንደገና በሱክሲኔት ሲያልፍ ጫፍ ላይ ወይም መሃል ላይ የመውደቅ ዕድሉ እኩል ነው። ስለዚህ በሦስተኛው ዙር የመውጣት ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ከተረፈም በአራተኛው ዙር እንዲሁ ግማሽ በግማሽ፤ እያለ ይቀጥላል። የሌላው ግማሽ ካርቦኖች የሆኑት 5 እና 6 ደግሞ በቅደም ተከተል የ2ን እና የ1ን መንገድ ይከተላሉ።

ይህ በወረቀት ላይ የተሰላ ግምት ብቻ አይደለም። ተመራማሪዎች የግሉኮስን ካርቦኖች በካርቦን 14 ወይም በካርቦን 13 ምልክት እያደረጉ ምልክቱ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ መቼ እንደሚታይ ይለካሉ። ምልክቱ ካርቦን 3 እና 4 ላይ ሲሆን የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የፒሩቬት ዲሃይድሮጂኔዝን ሥራ ያሳያል፤ ለዚህ መለኪያነትም ያገለግላል።

አንድ ገደብ ልጨምር። በእውነተኛ ሕዋስ ውስጥ ሁሉም ካርቦን ዑደቱን እስከ መጨረሻው አይዞርም። ከመሃል ወጥቶ አሚኖ አሲድ ወደ መሥራት የሚሄድ አለ። ታሪኩ የሚከተለው እስከ መጨረሻው የተቃጠለችውን አንዷን ብቻ ነው።

የምንተነፍሰው ኦክስጅን ከግሉኮስ ካርቦን ጋር ተጣምሮ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል?

አይሆንም። የምናስገባው ኦክስጅን ውኃ ነው የሚሆነው። በታሪኩ ውስጥ ካርቦን 3 እና 4 ሲወጡ ኦክስጅን በቦታው እንኳ እንደሌለ አስተውሉ። ኦክስጅን የሚጠብቀው በሚቶኮንድሪያው የውስጥ ሽፋን ላይ፣ በኤሌክትሮን ሰንሰለቱ መጨረሻ ነው። ኤንኤዲኤች ያመጣቸው ኤሌክትሮኖች ሰንሰለቱን አልፈው እዚያ ሲደርሱ ይቀበላቸውና ከፕሮቶኖች ጋር ውኃ ይሆናል።

በካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ታዲያ ከየት መጣ? ግማሹ ከግሉኮሷ ከራሷ፣ ግማሹ በመንገድ ላይ ከተጨመረ ውኃ። የተለመደው ቀመር ይህን ይደብቀዋል፤ ውኃውን በሁለቱም ጎን ስንጽፈው ግን ይታያል፦

C6H12O6 + 6H2O + 6O2 → 6CO2 + 12H2O

በስድስቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ 12 የኦክስጅን አቶሞች አሉ። ስድስቱ ከግሉኮስ፣ ስድስቱ ከውኃ የመጡ ናቸው። የተነፈስነው ኦክስጅን 12 አቶሞች በቀኝ በኩል ባሉት 12 የውኃ ሞለኪውሎች ውስጥ ይገኛሉ።

አንዱ መጽሐፍ 38 ኤቲፒ ይላል፣ ሌላው 36፣ መምህራችን 30 ወይም 32 ይላሉ። የቱን ልመን?

መምህራችሁን። 36 እና 38 የሚሉት ቁጥሮች እያንዳንዱ ኤንኤዲኤች ሦስት ኤቲፒ፣ ሌላው ኤሌክትሮን ተሸካሚ ኤፍኤዲኤችቱ ደግሞ ሁለት ይሰጣል ብለው ከሚያሰሉ የቆዩ መጻሕፍት የመጡ ናቸው። ኤቲፒ ግን በቀጥታ ከኤንኤዲኤች አይሠራም። ኤሌክትሮኖቹ ፕሮቶን ወደ ውጭ እንዲገፋ ያደርጋሉ፤ ፕሮቶኖቹ በኤቲፒ ሲንቴዝ በኩል ሲመለሱ ኤቲፒ ይሠራል። ፕሮቶኖቹን ቆጥረን፣ ኤቲፒውን ወደ ሕዋሱ ለማውጣት የሚከፈለውንም ስንቀንስ፣ ኤንኤዲኤች 2.5፣ ኤፍኤዲኤችቱ 1.5 ገደማ ይሰጣሉ።

የእኛዋን ግሉኮስ እንቁጠር። ከግላይኮሊሲስ ትርፉ 2 ኤቲፒ ነው። ከፒሩቬት ዲሃይድሮጂኔዝ 2 ኤንኤዲኤች፣ ማለትም 5 ኤቲፒ። ከክሬብስ ዑደት 6 ኤንኤዲኤች 15፣ 2 ኤፍኤዲኤችቱ 3፣ በቀጥታ የሚገኘው ደግሞ 2። እስካሁን 27 ሆነ።

የቀሩት በግላይኮሊሲስ የተገኙት 2 ኤንኤዲኤች ናቸው። እነዚህ ከሚቶኮንድሪያ ውጭ ናቸው፤ የውስጡን ሽፋን ማለፍም አይችሉም። ኤሌክትሮኖቻቸውን ብቻ ለሌላ ተሸካሚ ያስረክባሉ። በልብና በጉበት ውስጥ በሚበዛው መንገድ ከሄዱ ሙሉ ዋጋቸውን ይዘው 5 ኤቲፒ ይሰጣሉ፤ ድምሩ 32 ይሆናል። በአጥንት ጡንቻ ጎልቶ በሚታየው ሌላው መንገድ ከሄዱ ኤሌክትሮኖቹ በኤፍኤዲኤችቱ ደረጃ ስለሚገቡ 3 ብቻ ይሰጣሉ፤ ድምሩ 30 ይሆናል። የተማሪዋ የጭን ጡንቻ ላይ ስላለን የእኛዋን ወደ 30 አስጠግታችሁ ያዙ። ይህም ቢሆን ከፍተኛው ግምት ነው፤ ሽፋኑ በራሱ ጥቂት ፕሮቶን ያሾልካልና።

አቀበቱ ሲበረታ ፒሩቬት ላክቴት ይሆናል ይባላል። ለምን ሚቶኮንድሪያ ውስጥ አይገባም?

ይገባል፤ ግን ሁሉም አይደለም። ጡንቻው ኤቲፒ በፍጥነት ሲፈልግ ግላይኮሊሲስ ሚቶኮንድሪያው ከሚችለው በላይ ሊፈጥን ይችላል። ያኔ ትልቁ ችግር የፒሩቬት መከማቸት አይደለም፤ የኤንኤዲ ማለቅ ነው። ኤንኤዲ ሁሉ ኤንኤዲኤች ሆኖ ከቀረ ኤሌክትሮን የሚቀበል ስለሌለ ግላይኮሊሲስ ስድስተኛው ደረጃ ላይ ይቆማል። ላክቴት ዲሃይድሮጂኔዝ የኤንኤዲኤቹን ኤሌክትሮኖች ለፒሩቬት ይሰጣል። ፒሩቬት ላክቴት ይሆናል፣ ኤንኤዲም ነጻ ይወጣል። ላክቴቱ በደም ሄዶ ልብ ይጠቀምበታል፤ ጉበትም ወደ ግሉኮስ ይመልሰዋል።

በማግስቱ እግር የሚያመው በላክቴት ምክንያት ነው የሚባለው ግን ልክ አይደለም። ላክቴት ከዕረፍት በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ወደ ቀድሞ መጠኑ ይመለሳል፤ ሕመሙ የሚመጣው ደግሞ በማግስቱ ነው። ሕመሙ ከጡንቻ ክሮች ጥቃቅን ጉዳትና እሱን ተከትሎ ከሚመጣው መቆጣት ጋር የተያያዘ ነው።

ጅማ ከፍ ያለ ቦታ ናት። የኦክስጅኑ ማነስ ሚቶኮንድሪያውን አይጎዳውም?

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው አራት አምስተኛ ያህል ነው። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ግን በዚህ ግፊትም ከ90 በመቶ በላይ ኦክስጅን ይይዛል፤ በኤሌክትሮን ሰንሰለቱ መጨረሻ ያለው ኢንዛይምም እጅግ አነስተኛ ኦክስጅን ይበቃዋል። ስለዚህ በእርጋታ ለሚሄድ ሰው ልዩነት የለውም ማለት ይቻላል።

ቫይታሚን ቢ1 ሲያንስ ታሪኩ የት ላይ ይቆማል?

ደፉ ላይ። ፒሩቬት ዲሃይድሮጂኔዝ ካርቦን 3 እና 4ን ለመቁረጥ ከቢ1 የሚሠራ ረዳት ሞለኪውል ያስፈልገዋል። ይህ ከሌለ ግላይኮሊሲስ እንደወትሮው ይሄዳል፣ ፒሩቬት ይከማቻል፣ ወደ ላክቴትም ይዞራል። በደም ምርመራ የሚታየው የላክቴት መጨመር ነው፤ ኦክስጅን ሳይጎድል። በክሬብስ ዑደት ውስጥም ይህንኑ ረዳት የሚፈልግ አንድ ኢንዛይም ስላለ ጉዳቱ ድርብ ነው። ቀድመው የሚጎዱት ኃይል አብዝተው የሚፈልጉት አንጎል፣ ነርቭና ልብ ናቸው። በቢ1 እጥረት ለተጎዳ ሰው ቢ1 ሳይሰጡ ግሉኮስ በደም ሥር ማፍሰስ የሚያሰጋውም በዚሁ ነው፤ የተዘጋው ደፍ ላይ ተጨማሪ ፒሩቬት መላክ ይሆናል።

የደም ስኳር ለመለካት ደም የሚቀዳበት ቱቦ ለምን ግራጫ ክዳን አለው?

የጤና ተማሪዎች ሆስፒታል ለልምምድ ሲገቡ ይህን ይጠይቁኛል፤ መልሱም ከታሪኩ ውስጥ ነው። ደም ከሰው አካል ከወጣ በኋላም ቀይ የደም ሕዋሳት ሕያው ናቸው። ሚቶኮንድሪያ ስለሌላቸው ታሪኩ ለእነሱ ፒሩቬትና ላክቴት ላይ ያበቃል፤ ኤቲፒ የሚያገኙት ከግላይኮሊሲስ ብቻ ነው። ስለዚህ በቱቦው ውስጥ ያለውን ግሉኮስ መብላታቸውን ይቀጥላሉ። ደሙ ሳይለይ በክፍል ሙቀት ሲቆይ ግሉኮሱ በሰዓት ከ5 እስከ 7 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

ይህ ለአንድ ሰው ምን እንደሚያደርግ እንመልከት። ከጾም በኋላ የተቀዳ ደሙ በዴሲሊትር 130 ሚሊግራም ግሉኮስ አለው እንበል። የስኳር ሕመም መለያው 126 እና ከዚያ በላይ ስለሆነ ይህ ሰው ከመስመሩ በላይ ነው። ቱቦው ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰዓት ቆይቶ 6 በመቶ ቢቀንስ መሣሪያው 122 ያነባል። ሰውየው ከመስመሩ በታች ሆኖ ይመዘገባል፣ ወደ ቤቱም ይሄዳል።

በግራጫው ቱቦ ውስጥ ሶዲየም ፍሎራይድ አለ። ፍሎራይድ የሚገታው የግላይኮሊሲስን ዘጠነኛ ደረጃ የሚሠራውን ኢኖሌዝ የተባለውን ኢንዛይም ነው። እዚህ ላይ ታሪኩን የተከተለ ተማሪ አንድ ነገር ይነቃል፤ የሚገታው መጨረሻው አካባቢ ከሆነ መጀመሪያው ላይ ሄክሶካይኔዝ ግሉኮስ ማሰሩን ለምን ያቆማል? ወዲያው አያቆምም። አሥረኛው ደረጃ የሚሰጠው ኤቲፒ ስለሚቀር፣ የሚዘራውና የሚታጨደው ሁለት በሁለት ሆኖ ትርፉ ዜሮ ይሆናል። ሕዋሱ ግን ለሌላ ሥራውም ኤቲፒ ያጠፋል። ክምችቱ ሲመናመን ሄክሶካይኔዝ የሚጠቀምበት ኤቲፒ ያጣል፤ የግሉኮሱ መቀነስ የሚቆመው ያኔ ነው። ስለዚህ ፍሎራይድ ቢኖርም በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሰዓታት ግሉኮሱ መቀነሱን ይቀጥላል። ጥንቁቅ ላቦራቶሪ በክዳኑ ቀለም ብቻ ተማምኖ ቱቦውን አያስቀምጥም፤ በበረዶ ያቀዘቅዘዋል፣ ፕላዝማውንም ቶሎ ከሕዋሳቱ ይለያል።